ሽንኩርት የሌለበት፣ ጣዕም ያለው ሳምንት

ወንድምዬ፣

ባለፈው በስልክ «ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ከወጡበት ወጥ ምኑ ይበላል?» ያልከኝ ከጆሮዬ አልጠፋም። መልሴ ይኸው፦ ከሰኞ እስከ እሑድ የምትበላውን ጽፌልሃለሁ፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፈው።

ይህን የምጽፍልህ ሐኪምህ ሰገራና ደምህን አስመርምሮ፣ ጃርዲያም አሜባም እንደሌለብህ አይቶ «አይ ቢ ኤስ ነው፤ አንጀትህ ተቆጥቷል» ስላለህ ነው። ሰገራህ ላይ ደም ካየህ፣ ሳታስበው ከከሳህ ወይም ሆድህ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰህ ወረቀቱን ተወውና ወደ እሱ ተመለስ።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሚወጡት ፎድማፕ ስላለባቸው ነው። ፎድማፕ የሚባሉት በቀጭኑ አንጀት ሳይመጠጡ የሚያልፉ የካርቦሃይድሬት ዓይነቶች ናቸው። ውሃ ይስባሉ፤ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ደግሞ ባክቴሪያዎች ያብላሏቸውና ጋዝ ይሆናሉ። ይሄ በሁላችንም ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ያንተ አንጀት ግን ትንሹ መወጠር እንኳ ያመዋል። ይህን አመጋገብ ያወጡት ሜልቦርን ያለው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ለእኛ ትልቁ ዕድል ጤፍ ከሚበሉት ወገን መሆኑ ነው። እንጀራህ ይቀጥላል፤ ብቻ ስንዴ ወይም ገብስ ያልተቀላቀለበት መሆኑን ከምትገዛበት ቤት አጥብቀህ ጠይቅ። ለአንድ ጊዜ አንድ እንጀራ ይበቃሃል።

ከሰኞ በፊት፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ

ቅቤውን አንተው አንጥር። የነጭ ሽንኩርት ፎድማፕ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ቅባት ውስጥ ግን አይሟሟም። ለጋ ቅቤ ደግሞ ውሃ አለው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አደራ። ግማሽ ኪሎ ቅቤ በዝግታ አቅልጥ። መጀመሪያ ይንጨረጨራል፣ አረፋ ይደፍቃል። ድምፁ ጸጥ ብሎ አረፋው እስኪወርድና ከታች ያለው ጥርት ብሎ እስኪታይህ ጠብቅ፤ ውሃው አለቀ ማለት ነው። ያኔ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ሳትከትፍ በሙሉው ጣል፤ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላና እርድ ጨምር። አሥር ደቂቃ በለስላሳ እሳት ካቆየህ በኋላ በነጠላ ጨርቅ አጥልለህ ፍሬዎቹን በሙሉ አውጣ። ጠረኑ ቤቱን ሲሞላው ያቺ ጥያቄህ ትመለሳለች። ለጾም ቀን ዘይትም ማክሰኞ ማታ እንዲሁ አድርግ፤ ዘይቱን ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠህ በሦስት ቀን ጨርሰው፤ ነጭ ሽንኩርት የነካው ዘይት ውጭ ካደረ አደገኛ መርዝ ሊፈጥር ይችላል።

ወጥ ውስጥ ሽንኩርት ቀቅዬ ላውጣው እንዳትል። ውሃው ሁሉን ወስዶታል።

በርበሬው ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ፤ ከገበያ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ተደልዞበታል። እማዬ ሁለቱንም ሳትጨምር በዛላ በርበሬ፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በጥቁርና በነጭ አዝሙድ ትንሽ አስፈጭታ ልካልሃለች። ማቃጠሉ ራሱ አንጀት ሊያስቆጣ ስለሚችል በሻይ ማንኪያ ጀምር። አዋዜ ይቅር፤ ነጭ ሽንኩርት አያጣም።

ሰኞ። ቁርስ፦ ግማሽ ኩባያ አጃ በውሃ አብስለህ ቀረፋና ትንሽ ስኳር፤ ማር አይሆንም። ገና ጠንከር ያለ ሙዝ ጨምርበት፤ ነጠብጣብ ያወጣው የበሰለ ሙዝ ይነፋሃል። ምሳ፦ ሩዝ ከካሮትና ከድንች አልጫ ጋር፣ በእርድና በዝንጅብል። እራት፦ እንቁላል ፍርፍር በግማሽ ቲማቲምና በቃሪያ፣ በእንጀራ።

ማክሰኞ። ጥብስ አለህ። የበሬ ሥጋውን በአንተ ቅቤ ጥበስ፣ የጥብስ ቅጠልና ቃሪያ ጨምር። ሽንኩርት የሚያምርህ እዚህ ላይ ስለሆነ የባሮ ሽንኩርት ግዛ፤ ነጩን ለጎረቤት ስጥና አረንጓዴ ቅጠሉን ብቻ ቀጭን ቀጭን ከትፈህ መጨረሻ ላይ በትንበት። የሽንኩርቱን ሽታ ይሰጥሃል፣ ሆድህን ግን አይነካም። ጠዋትና ማታ ሰኞ የበላኸውን መድገም ትችላለህ።

ረቡዕ፣ ጾም። አንተን የሚፈትንህ ይሄ ቀን ነው፤ የጾም ምግባችን ሽሮና ምስር ነውና። ሽሮ በዚህ ሳምንት የለም። እንደምትወደው አውቃለሁ፤ ግን ጥራጥሬው፣ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ሦስቱም ባንድ ድስት ተገናኝተዋል። ምስር ክክ ግን ትንሽ ይፈቀድልሃል፦ በብዙ ውሃ ቀቅለህ ውሃውን ድፋ፣ ሩብ ኩባያ ብቻ ውሰድና በነጭ ሽንኩርቱ ዘይት፣ በዝንጅብልና በእማዬ በርበሬ ቁላው። ጎኑ ላይ ሐበሻ ጎመን በዝንጅብልና በቃሪያ፣ ድንች እና እንጀራ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ በውሃ ጠጣበት፤ በተለይ ድርቀት የያዘህ ሰሞን ይጠቅምሃል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመህ ባንዴ አትሙላ፤ ባዶ ሆድ ላይ የሚወርድ ከባድ ምግብ ራሱ ቁርጠት ያመጣል። ለሁለት ከፍለህ ብላው።

ሐሙስ። ቁርስ የጤፍ ጨጨብሳ፣ በአንተ ቅቤና በትንሽ በርበሬ። ምሳ የተጠበሰ ዓሣ በሎሚ፣ ከሩዝ ጋር። እራት ቀለል ያለ የካሮትና የድንች ሾርባ፤ ከሱቅ የሚገዛውን የሾርባ ኪዩብ አትጣልበት፤ የሽንኩርት ዱቄት አለበት።

ዓርብ። ሩዝ በቲማቲም ስልስ፤ ስልሱን በዘይቱ፣ በበሶብላና በባሮ ቅጠል ሥራው። አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ለመክሰስ። ፍራፍሬ ከፈለግህ ብርቱካን ወይም ፓፓያ፣ አንድ ጊዜ አንድ ፍሬ ወይም አንድ ቁራሽ። ማንጎ፣ ፖምና ሐብሐብ ይቆዩ።

ቅዳሜ። ክትፎ! ስታስበው ከተፈጥሮው ሽንኩርት የለበትም፦ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ። በደንብ አብስለው፣ ቅቤውንም አታብዛው፤ ቅባት ሲበዛ የአንተን አንጀት ያጣድፋል። አይቡ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብቻ ይሁን። ጎመን አይጥፋበት።

እሑድ፣ ዶሮ። የወጡን አካል የሚሠራው ሽንኩርት ስለሆነ በቦታው ሌላ ያስፈልጋል። ሁለት ካሮትና አንድ ቲማቲም በደቃቁ ፍቀህ ያለ ዘይት፣ ትንሽ ትንሽ ውሃ ጠብ እያደረግህ ለግማሽ ሰዓት አብስል፤ ሲላላ በማንኪያ እየደፈጠጥክ። ከዚያ በርበሬውን ጨምረህ ቅላቱ እስኪጠቁር አቁላላው፣ ቅቤውን አስከትል፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ። ዶሮህን ቆዳውን ገፍፈህ ጨምር፤ እንቁላሉም አይቀርም። ካሮቱ ትንሽ ስለሚያጣፍጥ ሎሚ ጠብ አድርግበት። እኔ ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ያቺ የሽንኩርት ክብደት ባትኖረውም እንጀራው ላይ ይቀመጣል፣ አይፈስም።

ሳምንቱን ሙሉ ማኪያቶ ይቁም፤ ወተቱ ላክቶስ አለው። ቡና ያለ ወተት፣ ከምግብ በኋላ፣ በቀን አንድ ስኒ። ጠጅ በማሩ ምክንያት የለም። ሻይህን በዝንጅብልና በስኳር።

አንድ ሳምንት መጀመሪያ ነው፤ ደንቡ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ሆድህ ካረፈ በኋላ የቀሩትን አንድ በአንድ እንመልሳለን፤ አንድ ምግብ ለሦስት ቀን፣ ከትንሽ ወደ ብዙ። ዕድሜ ልክ እንዲህ እንድትበላ አልፈልግም፤ ጥሩ ባክቴሪያዎችህም ይራባሉ። ሽሮን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ አድርጌ ይዤልሃለሁ።

እስከዚያው በደብተር ጻፍ፦ የበላኸውን፣ ሰዓቱን፣ መንፋቱን፣ ቁርጠቱን፣ ስንቴ እንደወጣህ። ሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ ደብተሩን ይዘህ ጠብቀኝ።

እህትህ