የንብረት ሕግ መለማመጃ፦ ሦስት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው

መልሱን ከማየታችሁ በፊት ራሳችሁ ጻፉ።

ጥያቄ 1። ከበደ ሐዋሳ ያለውን ቤት ለአልማዝ በጽሑፍ ውል ሸጠ። ገንዘቡን ከፍላ ገባች፣ ስመ ሀብቱን ግን አላዛወረችም። ከዚያ ከበደ ያንኑ ቤት ለተስፋዬ ሸጠለት፣ ተስፋዬም በስሙ አስመዝግቦ ካርታ አወጣ። ቤቱ የማን ነው?

መልስ። የተስፋዬ። የማይንቀሳቀስ ንብረት በውል ሲተላለፍ ምዝገባ ግድ ነው (ፍ/ብ/ሕ/ቁ 1185)፣ ያልተመዘገበ ሽያጭም በሦስተኛ ወገን ላይ አይጸናም (2878)። ካርታ የያዘ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል (1195)። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ያቆማል፣ ነጥቡ ግን ያለው ቀጥሎ ነው፦ ግምቱ ይፈርሳል፤ ካርታው ከሕግ ውጪ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል ከተሰጠ አልማዝ በ1196 ልትከራከር ትችላለች። ያ ካልሆነላት ከበደን በውል ትጠይቀዋለች።

ጥያቄ 2። የሰናይት ግቢ ወደ መንገድ መውጫ የለውም። ጎረቤቷ ማለፊያውን አጠረባት። ምን መጠየቅ ትችላለች?

መልስ። ካሳ ከፍላ መተላለፊያ መጠየቅ ትችላለች። መሬቱ የእሷ አይሆንም፣ የምታገኘው የማለፍ መብት ብቻ ነው።

ጥያቄ 3። ግርማ በሰው ቤት 16 ዓመት ኖረ፣ ግብር የከፈለው ግን 9 ዓመት ብቻ ነው። በይርጋ ባለቤት ይሆናል?

መልስ። አይሆንም። ቁጥር 1168 የሚጠይቀው 15 ተከታታይ ዓመት ግብር መክፈልን ነው፣ መኖር ብቻውን አይበቃም። ስለ መሬቱ ከጻፋችሁ ደግሞ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 አትርሱ፦ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ በይርጋ የግል ሀብት አይሆንም።