ፉርጎ ቁጥር 17

የጨዋታ መነሻ፣ ከ3 እስከ 5 ተጫዋቾች። ቦታው ድሬዳዋ፣ ዘመኑ 1955 ዓ.ም. ክረምት።

ለተጫዋቾቹ ጮክ ብለህ አንብብላቸው፦

ሌሊቱን ደንገጎ ላይ ዘነበ። ድሬ ላይ ጠብ አላለም። ሊነጋጋ ሲል ግን ደቻቱ እያጓራ መጣ። አሁን ረፋድ ነው፤ ውሃው ሄዷል፣ አሸዋው ገና እርጥብ ነው። ከቀፊራ ገበያ በታች ልጆች ከበው ቆመዋል። መሀላቸው የዛገ የፉርጎ ጣሪያ ከአሸዋው ብቅ ብሏል። ብረቱ ላይ 17 የሚል ቁጥር አለ። አንድ ሽማግሌ ከጋሪ ወርዶ ወደ እናንተ መጣ። እጁ ይንቀጠቀጣል። «አቦ ልጆች፣ ዛሬ ማታ ቆፍሩልኝ። ውስጡ የብረት ሣጥን አለ። ሳትከፍቱ አምጡልኝ። ለያንዳንዳችሁ 50 ብር።»

ከዚህ በታች ያለው ላንተ ለአጫዋቹ ብቻ ነው።

ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። ከዚራ በኩል የባቡር ሠራተኞቹ አሉ። ሽማግሌውን «አባባ» ይሉታል። ስንቱን ልጅ ሥራ አስገብቷል፣ ስንቱን ለቀስተኛ በራሱ ገንዘብ አብልቷል። እነሱ «ፉርጎው የባቡር ነው» ባይ ናቸው። መጋላ በኩል ደግሞ በሌሊት በግመል ኮንትሮባንድ የሚያስገቡት አሉ። አለቃቸው አንዲት መበለት ናት። አባቷ ሐዲዱን ሲዘረጋ ደሞዙን ተበልቶ እንደቀረ እየሰማች ነው ያደገችው። ሣጥኑን የምትፈልገው ለገንዘብ አይደለም፤ ማን እንደበላው ማወቅ ትፈልጋለች። እባክህ ክፉ ሴት አድርገህ አታጫውታት።

ምስጢሩ ይኸውልህ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ የቀን ሠራተኞቹ ደሞዝ በዚህ ፉርጎ መጥቶ ነበር። «ጎርፍ ወሰደው» ተባለ። ፉርጎውን እውነትም ጎርፍ ወስዶታል፤ ብሩ ግን ቀድሞ ወጥቷል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የደሞዝ መዝገብ ነው። 212 ስም፣ ከየስሙ አጠገብ ባዶ የጣት አሻራ ቦታ። መጨረሻው ገጽ ላይ ብሩን የተካፈሉ ሁለት ሰዎች ፈርመዋል። አንዱ ያኔ የ19 ዓመት ጸሐፊ የነበረው አባባ ነው። ሁለተኛው የመበለቲቱ አባት።

ቁፋሮው ሦስት ዙር ይፈጃል። በየዙሩ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ 12 ወይም በላይ ከወጣ ተሳካ። ካልተሳካ ወይ የከዚራዎቹ ፋኖስ ወይ የግመል ኮቴ ይቀርባል፤ አንተ ምረጥ። ሁለት ጊዜ ከከሸፈ ደንገጎ ላይ መብረቅ ብልጭ ይላል። ሰማዩ ግን ከእናንተ በላይ ጥርት ያለ ነው። የድሬ ልጅ የሆነ ገጸ ባሕርይ ካለ ምን ማለት እንደሆነ ያለ ዳይስ ያውቃል፦ ከአሸዋው ውጡ።

አነጋገር ላይ አንድ ነገር፦ ድሬ ላይ «አንቱ» ብዙ አይሰማም። ሁሉም «አንተ»፣ «አንቺ» ይባባላል። ስለዚህ አባባ መዝገቡ ተገልጦ ሲያይ በድንገት «እባክዎ» ብሎ ይለምናቸው። ተጫዋቾቹ ዝም ይላሉ። አንተም ዝም በል፣ ጊዜ ስጣቸው። ከዚያ ጠይቃቸው፦ «መበለቲቱ ዳር ላይ ቆማለች። መዝገቡ በማን እጅ ነው?»