የማክሰኞ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ጤና ይስጥልኝ፣ እርስዎ ስላልነበሩ ቅጂውን ሁለቴ ሰምቼ የጻፍኩት ነው።

ጊዜው ሁሉ ያለቀው በይርጋጨፌው ጭነት ላይ ነው። ከ320ው ጆንያ 14ቱ ረጥበዋል፤ የመጋዘኑ ጣሪያ ያፈሳል። የመጋዘን ኃላፊዋ «ሰኔ ላይ ተናግሬ ነበር» አለች። እውነቷን ነው፣ ኢሜይሉን አይቼዋለሁ። የጅቡቲው መኪና ከሐሙስ ወደ ሰኞ ተገፍቷል። የቢሮ ኪራይ ተነስቶ ሳይቋጭ ቀረ።

23ኛው ደቂቃ ላይ መስመሩ ተቆራርጧል፤ ትራንዚተሩ ያለውን ደውዬ አጣርቻለሁ።

የሚሠሩ፦
- መጋዘን፦ የረጠበውን ለይቶ የቀረውን እርጥበት መለካት፣ እስከ ረቡዕ ማታ።
- ሽያጭ፦ መዘግየቱን ለገዢው ዛሬውኑ ማሳወቅ።
- ፋይናንስ፦ ለጣሪያው ጥገና 3 ፕሮፎርማ መሰብሰብ፣ እስከ ዓርብ።
- እርስዎ፦ የ14ቱን ጆንያ መተኪያ ማጽደቅ። ያለ ፊርማዎ ከመጋዘን አይወጣም፤ ነገ ከሰዓት ቢደርሰን መኪናው ሰኞ ይነሳል።