የጥቅምት ሳምንት የምሳ ዕቃ ዕቅድ፣ አዳማ

ለሁለት ልጆች፦ ታላቋ 6ኛ ክፍል፣ ታናሹ 2ኛ ክፍል። ምሳ ዕቃ ጠዋት 12:45 ይዘጋል፣ 1:20 ከቤት ይወጣሉ፣ ምሳ 6:20 ነው። ምግቡ ቦርሳ ውስጥ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይቆያል ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ፍሪጅም ማሞቂያም የለውም፣ የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው።

የበሰለ እርጥብ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሙቀቱ ከ32 ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም። በአዳማ ቀትር ላይ ቦርሳ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር ከተቀመጠ 32ን ማለፍ ቀላል ነው። ስለዚህ ወደ ምሳ ዕቃ የሚገባው ወይ ውሃው የጠፋለት ደረቅ ምግብ ነው፣ ወይ ሳይላጥ ሙሉውን የሚሄድ ፍራፍሬ፣ ወይ እስከ ምሳ ድረስ የሚያቃጥል ሆኖ የሚቆይ የፔርሙስ ምግብ። እንጀራ በኮምጣጣነቱ ይጠበቃል፣ ችግሩ ከላዩ የሚፈስበት ወጥ ነው።

የማይገቡ

የተቀቀለ እንቁላል፣ አይብ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ የተቀቀለ ድንች። እነዚህ ይቅሩ ማለት አይደለም፤ ቁርስና እራት ላይ ይበሉ። እንቁላል በጾም ባልሆኑት ቀናት በቁርስ ይሰጥ፣ ምሳው ቀለል ቢልም የሚጎድል ነገር አይኖርም።

ሩዝ ብዙ ቤት የሚሳሳቱበት ነው። ሩዝ ላይ ያለ አንድ ባክቴሪያ ዘሩ ሲፈላ አይሞትም። ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባል፣ የሚያወጣው መርዝ ደግሞ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም። ሳምቡሳም ውጪው ደርቆ ስለሚታይ ያታልላል፤ ውስጡ ያለው ምስር እርጥብ ነው። ከቤት ተጠብሶ ወዲያው ሲበላ እንጂ ለቦርሳ አይሆንም።

እሑድ የሚሠራ

ዳቦ። 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 2 ብርጭቆ ተኩል ለብ ያለ ውሃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ልሙጥ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። እዚህ ሙቀት ላይ ሊጡ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳይዘገይ እጥፍ ይሆናል። ከዚያ በላይ ካቆያችሁት ይኮመጥጥና ዳቦው ሲጋገር ሳይነፋ ጠፍጣፋ ይሆናል። ለሁለት ከፍላችሁ ጋግሩ፤ ሆዱን ሲመቱት ባዶ ድምፅ ካሰማ በስሏል። ሰፌድ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይቆረጥም፣ አይሸፈንም። በፌስታል ከታሰረ በራሱ እንፋሎት ይረጥብና በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ያወጣል፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት። ዳቦው ሲቆረጥ ውስጡ ቢጣበቅ፣ ክር ቢስብና የበሰበሰ ፍራፍሬ ዓይነት ሽታ ቢሸት ሻጋታ ባይታይም ይጣላል፤ በሞቃት አገር የሚመጣ የዳቦ ብልሽት ነው።

ዳቦ ቆሎ። ግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ 6 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከተፈለገ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በርበሬ። ውሃ በጥቂት በጥቂቱ፣ ሦስት አራተኛ ብርጭቆ ያህል፤ ሊጡ ጠንካራ መሆን አለበት። በእጅ እንደ ገመድ አርዝማችሁ በሽንብራ መጠን ቁረጡና ምጣድ ላይ በቀስታ እሳት እያማሰላችሁ ቁሉት። እሳቱ ከበረታ ውጪው ይጠቁርና ውስጡ እርጥብ ይቀራል። አንዱን ሰብራችሁ እዩ፦ መሀሉ ነጭና ለስላሳ ከሆነ ገና ነው። ሲቀዘቅዝ ክዳን ባለው ዕቃ ይገባል፣ ሳምንቱን ሙሉ ይበቃል።

ጭኮ። 3 ብርጭቆ የገብስ በሶ ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ የቀለጠ ንጥር ቅቤ፣ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ። ጭኮ ሳይበላሽ የሚቆየው ውሃ ስለሌለበት ነው፤ ስለዚህ ቁልፉ ቅቤው ነው። ቅቤ ሲነጠር የሚሰማው መንጣጣት እስኪያቆምና አረፋው እስኪጠፋ ይቆይ። ሳይጠራ ከወረደ ውስጡ ውሃ ይቀራል፣ ጭኮውም በቀናት ውስጥ ይኮመጥጣል። ማሹ፣ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ጠቅጥቁት፣ ሲረጋ ቁረጡት። እርጥብ ማንኪያ አይግባበት።

የኦቾሎኒ ቅቤ። ግማሽ ኪሎ ኦቾሎኒ ቁሉ፣ ገለባውን አራግፉ፣ በጨው ፍጩ። ከመቁላታችሁ በፊት ልቀሙት፦ የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ የሻገተ ሁሉ ይጣል። የሻጋታው መርዝ በመቁላት አይጠፋም፣ ለዚህ ነው ርካሹን የተደባለቀ ኦቾሎኒ መግዛት ትርፍ የማይሆነው። ሌላ ልጅ ኦቾሎኒ የሚያመው ከሆነ የክፍሉን አስተማሪ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካለ ሰኞና ዓርብ ላይ በሱፍ ቆሎ ተኩት።

ሰኞ

ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤና ማር፣ አንድ ሙዝ፣ ትንሽ ዳቦ ቆሎ።

ለታላቋ ሁለት ወፍራም ቁራጭ ዳቦ በ2 የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ለታናሹ ግማሹ። የኦቾሎኒ ቅቤው በሁለቱም ቁራጮች ላይ ይቀባ፣ ማሩ መሀል ይግባ፤ ማር በቀጥታ ዳቦ ከነካ ይሰርግና ዳቦው ይላቁጣል። ሙዙ ጫፉ አረንጓዴ ያለበት ይሁን። የበሰለው ከደብተር ሥር ገብቶ ይጨፈለቃል፣ ደብተሩም አይተርፍም።

ማክሰኞ

ጨጨብሳ፣ ብርቱካን።

2 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት በጨውና በውሃ አቡክታችሁ ስስ ቂጣ ጋግሩ፤ ሁለቱም ፊት ነጠብጣብ ቡናማ እስኪያወጣ። ትኩስ ሳለ ቁረሱ፣ በ3 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤና 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ አሹት፣ ከዚያ ሰፌድ ላይ ዘርጉት። ማር ወይም እርጎ ቤት ይቅር። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቸኩሎ ትኩሱን ስለሚዘጉት ነው፦ ክዳኑ ያልባል፣ ጠብታው ይወርድበታል፣ ልጁ ሲከፍተው ሊጥ ያገኛል። ለመቀዝቀዝ ሩብ ሰዓት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ቂጣው እስከ 12:20 ከምጣድ ይውረድ።

ብርቱካኑ ለታናሹ ልጣጩ ላይ በቢላ ዙሪያውን ብቻ ይጫር፤ ሥጋው ሳይነካ ለመላጥ ይቀለዋል።

ረቡዕ (ጾም)

ምስር ክክ ወጥ በፔርሙስ፣ እንጀራ ለብቻው፣ ካሮት።

የሳምንቱ አስቸጋሪ ምግብ ይህ ነው፣ ሳይጓደል ይሠራ። ሽንኩርቱ ማክሰኞ ማታ ይላጥ፣ ይከተፍ። ምስሩ 1 ብርጭቆ ተኩል፤ ጠዋት 11:50 ይጣድ፣ ለሁለቱ ፔርሙሶች ይበቃል። ማታ አብስሎ ጠዋት ለብ ማድረግ አይፈቀድም፤ መብራት ከጠፋ ፍሪጁም አያድንም።

ወጡ ሊበስል ሲል ፔርሙሶቹን የሚፈላ ውሃ ሞልታችሁ ክደኗቸው፣ አሥር ደቂቃ ይቆዩ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከታች ስለምንነሳ ቀዝቃዛ ፔርሙስ የሚወስደው ሙቀት ይበልጥ ይጎዳናል። ውሃውን ደፍታችሁ ወዲያው የሚንተከተከውን ወጥ እስከ አፉ ሙሉ፤ ግማሽ የተሞላ ፔርሙስ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ወጡ ከወትሮው ትንሽ ቀጠን ይበል፣ ውስጥ ሆኖ ይወፍራል።

ፔርሙሱ አዲስ ከሆነ ቅዳሜ ፈትኑት፦ የሚፈላ ውሃ ሙሉ፣ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ክፈቱና በቴርሞሜትር ለኩ። ከ60 በታች ከሆነ ለሻይ ይሁን እንጂ ለወጥ አይሆንም። ክዳኑ ሲቀዘቅዝ አየር ስቦ ይጠብቃል፤ ታናሹ መክፈት ይችል እንደሆነ ቤት አስሞክሩት፣ ካልቻለ እኅቱ ትክፈትለት። ወጡ ስለሚያቃጥል በእንጀራው ላይ አፍስሶ ትንሽ ይጠብቅ።

እንጀራው ቀዝቅዞ፣ ተጠቅሎ፣ በሌላ ዕቃ። ካሮቱ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሙሉውን።

ሐሙስ

ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ብርቱካን። ጠዋት የሚሠራ የለም።

ለታላቋ የእንቁላል ያህል ሁለት ቁራጭ፣ ለታናሹ አንድ። ጭኮ ትንሽ ይመስላል ግን ይከብዳል፤ ብዙ ከተሰጠ ግማሹ ይመለሳል። በወረቀት ይጠቅለል፣ በሙቀት ቅቤው ትንሽ ይወጣል። ውሃ በዚህ ቀን ይጨመር።

ዓርብ (ጾም)

አነባበሮ በዘይት፣ ሽንብራ ቆሎና ኦቾሎኒ፣ ሙዝ።

አነባበሮው ሐሙስ ማታ ይጋገር፦ የመጀመሪያው ዓይን ሲያወጣ በርበሬ የተበጠበጠበት ዘይት በስሱ ይቀባ፣ ሌላ ሊጥ ከላዩ ይፍሰስ፣ ይከደን። ዘይት ካበዛችሁ ሁለቱ አይያያዙም። ቀዝቅዞ ለስምንት ይቆረጥ፣ በጨርቅ ይደር። ቆሎው አንድ ጭብጥ ይበቃል፣ ለምሳ የሚሰጠው ጊዜ ቆሎ ለማኘክ ረጅም አይደለም። ታናሹ እየሮጠ እንዳይበላው ይነገረው።

ውሃና ዕቃ

ለእያንዳንዳቸው አንድ ሊትር ውሃ። ፍሪዘር ካለ ግማሽ ሊትሩን ሃይላንድ ማታ አቀዝቅዙት፤ እስከ ምሳ ቀልጦ ቀዝቃዛ መጠጥ ይሆናል፣ ግን ወጥ ወይም እንቁላል ያቆያል ብላችሁ አትተማመኑበት። ትንሽ ቁራጭ ሳሙናም ይያዙ፣ የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ውሃ ሲኖረው ሳሙና አይኖረውም።

ቦርሳው ክፍል ውስጥ ከዴስኩ ሥር ይቀመጥ፣ መስኮት ላይ አይሁን። ከፔርሙስ የተመለሰ ወጥ ለእራት አይሞቅም፣ ይደፋል። ጭኮ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን ሳይነካካ ከተመለሰ ይበላል።

ማታ ማታ የምሳ ዕቃው ክዳን ጎማ ይውጣ፤ ሽታና ሻጋታ የሚደበቀው እዚያ ሥር ነው። በሙቅ ውሃና ሳሙና ታጥቦ፣ ተደፍቶ ይድረቅ፣ እርጥቡ አይከደን። የፔርሙሱ ውስጥ ሽታ ከያዘ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ ሞልታችሁ ሌሊቱን ሳትከድኑት አሳድሩ።