ደኑ እና ማሳው ይለያያሉ፤ ቦታዎቹ መለያየታቸውን ግን ገና አላረጋገጥንም፦ በደቡብ ጎንደር ሦስት ቦታዎች የአፈር ውስጥ ተሐዋስያን ንጽጽር

አኅጽሮተ ጥናት፣ ለቃል ገለጻ የቀረበ

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ነባሩ ደን በአብዛኛው ተመንጥሯል። የተረፈው በብዛት በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ነው። ከላይ ሲታይ በማሳ መሀል የተበተነ አረንጓዴ ነጥብ ይመስላል። ስለ ዛፎቹ ብዙ ተጽፏል። ከሥራቸው ስላለው አፈርና እዚያ ስለሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት የሚታወቀው ግን በጣም ያነሰ ነው። ቅጠሉን አድቅቀው ወደ አፈር የሚመልሱት የምድር ትል፣ ምስጥ፣ የጢንዚዛ እጭና መሰሎቻቸው ናቸው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ይዘን ተነሳን። የተሐዋስያኑ ዓይነት ከደን ወደ ማሳ ስንሄድ ምን ያህል ይቀንሳል? ልዩነቱስ ከቦታ ቦታ ይለዋወጣል?

ከጣና ዳርቻ ተነስተን ወደ ደጋው በመውጣት ሦስት ቦታዎች መረጥን። ከፍታቸው በግምት 1,850፣ 2,200 እና 2,650 ሜትር ነው። በእያንዳንዱ ቦታ አራት ዓይነት መሬት ወሰድን፦ የቤተ ክርስቲያን ደን፣ ባሕር ዛፍ፣ ግጦሽ እና ማሳ። በእያንዳንዱ መሬት ላይ አምስት ጉድጓድ ቆፈርን፤ በድምሩ 60። የጉድጓዱ ስፋት 25 በ25 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። አፈሩን በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ለይተን ነጭ ሳፋ ላይ ዘረገፍነው። በዓይን የሚታየውን ሁሉ በእጅ ለቅመን 75 በመቶ አልኮል ውስጥ አስቀመጥን። እስከ ዝርያ ድረስ መለየት አልቻልንም። እስከ ቤተሰብ ወይም እስከ ክፍለ መደብ ለይተን፣ ከዚያ በታች በመልካቸው መደብናቸው። ከዚህ በኋላ «የመልክ ዓይነት» የምንለው ይህንን ነው።

በአጠቃላይ 4,127 ተሐዋስያን ለቀምን፤ 71 የመልክ ዓይነት ሆኑ። ከታችኛው ቦታ 1,986፣ ከመካከለኛው 1,402፣ ከላይኛው 739 ተገኙ። የመልክ ዓይነቶቹም በዚያው ቅደም ተከተል 48፣ 45 እና 33 ናቸው። ይህን ብቻ ያየ ሰው «ከፍታ ሲጨምር ብዝኀነት ይቀንሳል» ብሎ ይደመድማል። እኛም መጀመሪያ ላይ እንዲያ ብለን ነበር።

ነገር ግን ከታችኛው ቦታ ከተለቀሙት ውስጥ 612ቱ የወጡት ከአንድ ጉድጓድ ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ስንቆፍር ዶማው የምስጥ ቤት ጣራ ነደለ። ነጫጭ ምስጦች ከቀዳዳው እየጎረፉ ሳፋውን ሞሉት። ሁለት ሰው ከሰዓቱን በሙሉ እነሱን ሲለቅም ዋለ። ያ ጉድጓድ ከሒሳቡ ሲወጣ የታችኛው ቦታ ቁጥር 1,374 ሆኖ ከመካከለኛው ጋር ይተካከላል። በሌላ በኩል ብዙ የተለቀመበት ቦታ ብዙ ዓይነት ማሳየቱ አይቀርም። ስለዚህ `iNEXT` በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ሦስቱንም ቦታዎች ወደ እኩል 700 ተሐዋስያን አውርደን አወዳደርን። ውጤቱ 34፣ 37 እና 32 ሆነ፤ የ95 በመቶ የእርግጠኝነት ክልላቸውም ይደራረባል። በቦታዎቹ መካከል የብዝኀነት ልዩነት አለ ለማለት የሚያስችል መረጃ የለንም።

በመሬት አጠቃቀም ያለው ልዩነት ግን ጎልቶ ቀርቷል። በአንድ ጉድጓድ የተገኘው የመልክ ዓይነት አማካይ በደን 15፣ 14 እና 11 ነው፤ በማሳ 5፣ 6 እና 4። ግጦሽና ባሕር ዛፍ በመሀል ይወድቃሉ። ከቁጥሩ ይልቅ እኛን የያዘን እነማን እንደጠፉ ነው። በሦስቱም ደኖች ውስጥ ተገኝተው በየትኛውም ማሳ ላይ አንድም ጊዜ ያልታዩ 9 የመልክ ዓይነቶች አሉ። አብዛኞቹ በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፦ ባለ ብዙ እግሮች፣ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች፣ ደቃቅ ጢንዚዛዎች። ማሳ ላይ የቀሩት በብዛት ጉንዳንና ሥር የሚበላ የጢንዚዛ እጭ ናቸው።

የጥናቱን ገደብ ሳናለባብስ መናገር እንፈልጋለን፤ ውጤቱ የሚመዘነው በእሱ ነው።

ትልቁ ችግር ይህ ነው፦ በእያንዳንዱ ቦታ ያየነው አንድ ደን፣ አንድ ባሕር ዛፍ፣ አንድ ግጦሽና አንድ ማሳ ብቻ ነው። በአንድ ደን ውስጥ የተቆፈሩ አምስት ጉድጓዶች አምስት ደን አይሆኑም። ስለዚህ የመሬት አጠቃቀሙን ንጽጽር የምንቆጥረው በሦስት ድግግሞሽ እንጂ በ15 አይደለም። ልዩነቱ በሦስቱም ቦታ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄዱን እናሳያለን፤ የፒ ዋጋ ግን አናቀርብም።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የታችኛውን ቦታ በመስከረም መጨረሻ፣ መካከለኛውን በጥቅምት መጀመሪያ ቆፈርን። ለላይኛው መኪና በጊዜው ስላላገኘን የደረስነው ኅዳር ሊገባ ሲል ነው። ያኔ ዝናቡ ቆሞ የላይኛው አፈር ደርቋል። የምድር ትልም አፈር ሲደርቅ ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች ሊወርድ ይችላል። የላይኛው ቦታ ቁጥር ያነሰው በከፍታው ይሁን በደረቁ አፈር፣ ባለን መረጃ መለየት አይቻልም።

ደኖቹንም ሙሉ በሙሉ አላየናቸውም። አባቶች ከውስጠኛው ቅጥር ወዲያ እንዳንቆፍር ነገሩን፤ መቃብር አለበት። ተገቢ ነው፣ አከበርነው። በዚህም የተነሳ ሁሉም የደን ጉድጓዶቻችን ከብት አልፎ አልፎ በሚገባበት የውጭ ዙሪያ ላይ ናቸው። በጣም ያረጁት ጽዶችና ወይራዎች ሥር ያለውን አፈር አልነካንም። የደኑ ቁጥር ከእውነተኛው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ማሳ ስንልም አንድ ዓይነት ነገር ማለታችን አይደለም። ታች ዳጉሳ፣ መሀል ጤፍ፣ ላይ ገብስ ነበር። የባሕር ዛፉ ቅጠልም በሁለት ቦታ ለእንጀራ መጋገሪያ ተጠርጎ ተወስዷል። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ሥር ያየነው መቀነስ የዛፉ ይሁን የመጠረጉ አናውቅም። በዚህ መረጃ ባሕር ዛፍን መወንጀልም ነፃ ማውጣትም አይቻልም።

በእጅ መልቀም ደቃቆቹን ያመልጣል። ለእነሱ ብለን አፈሩን ከአምፖል ሥር በወንፊት አስቀምጠን፣ ከሙቀቱ ሸሽተው ወደ አልኮሉ ብልቃጥ እንዲወርዱ አድርገን ነበር። የላይኛው ቦታ ናሙና ላይ እያለን መብራት ከአንድ ቀን በላይ ጠፋ። ያን ናሙና ከሌሎቹ እኩል መቁጠር ስላልቻልን በዚህ መንገድ የተገኘውን መረጃ ከንጽጽሩ በሙሉ አወጣን። ስለ ኮሌምቦላና መዥገር መሰል ደቃቅ ተሐዋስያን የምንለው ነገር የለም።

በገለጻችን የእያንዳንዱን ጉድጓድ ቆጠራ፣ የምስጡን ጉድጓድ ጨምረንና አውጥተን፣ ጎን ለጎን እናሳያለን። የተለቀሙት ተሐዋስያን በቦታና በጥልቀት ተለይተው አልኮል ውስጥ ተቀምጠዋል። በተለይ የምድር ትልና የምስጥ ዝርያ መለየት የሚችል ባለሙያ ካለ ናሙናውን እንዲያይልን እንጠይቃለን።

ቁልፍ ቃላት፦ የአፈር ተሐዋስያን፣ የቤተ ክርስቲያን ደን፣ ባሕር ዛፍ፣ የመሬት አጠቃቀም፣ የናሙና ገደብ፣ ደቡብ ጎንደር