ከመስታወቱ ወዲህ

ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት።

ይህ የመስኮቴ ፎቶ የጨለመው ፊልተር ተደርጎበት አይደለም። ቀኑ ራሱ እንዲህ ነው የዋለው። ጠዋት በካፊያ ጀመረ፣ እኩለ ቀን ላይ ዶፉን ለቀቀው፣ አሁን ጋብ ሲል ደግሞ ጉሙ መጣ። ባሕር ዛፎቹን ከጫፋቸው ጀምሮ እየዋጠ ወደ ታች ይወርዳል። ከጎረቤት የቆርቆሮ አጥር ማዶ ምን እንዳለ አታዩም። እኔም አላይም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ይህችን ከተማ የቆረቆሩት ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ይባላል። ነሐሴ ላይ እንዳልሆነ ግን እወራረዳለሁ።

መስታወቱ ላይ ያለው ክብ በመዳፌ የጠረግኩት ነው። ወዲያው ያልበዋል፣ እኔም መልሼ እጠርገዋለሁ። ከታች ብረቱ ጥግ ላይ የተጠቀለለችው ጨርቅ ለፎቶ ማሳመሪያ የተቀመጠች እንዳትመስላችሁ። ውሃ ያስገባል። አከራዬ «ክረምቱ ይውጣና እናሠራዋለን» ካሉኝ ክረምት አልፎ ክረምት መጣ።

በክቡ ውስጥ አንድ ባጃጅ ይታያል። የላስቲክ መጋረጃውን አውርዶ ቆሟል። ሹፌሩ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቧል፤ ተሳፋሪ የሚጠብቅም አይመስልም። ቅድም ልጆች በዚሁ መንገድ ወደ ቅዳሴ እየሮጡ አለፉ። ነጠላቸው እንዳይበሰብስ የማዳበሪያ ጆንያ ደርበውበታል። ፍልሰታ አይደል? እነሱን ላነሳ ስልኬን እስክከፍት ጉሙ ውስጥ ገቡ። ይሁን።

መብራት ከሄደ ቆይቷል። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ድምፅ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ሸፍኖታል። የከፋኝ ነገር የለም፤ እንዲህ ያለ ፎቶ በለጠፍኩ ቁጥር «ምን ሆንሽ?» ለምትሉኝ ነው። ዝም ማለት ነው ያማረኝ። ሰው «የት ጠፋሽ?» ሲል «ዝናቡ» ብሎ መመለስ የሚቻልበት ወር ደግሞ ብዙ አይደለም።

እኔ ያደግኩበት ቤት መስኮት አልነበረውም። መንዝ ነው፤ የድንጋይ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን። ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው። ብርዱም፣ ወጨፎውም፣ እንግዳውም፣ የቀዘቀዘው ግልገልም በዚያው በር ነው የሚገባው። ዝናብ ቁጭ ብለን የምናየው ነገር አልነበረም። አብሮን ቤት ውስጥ ነበር። እማዬ ለብርሃኑ ስትል በሩ ሥር ትቀመጥና የበግ ፀጉር ትፈትላለች። እንዝርቷን እያሾረች አንዳንዴ ቀና ትላለች፤ ሰማዩን ታያለች። የምትናገረው ግን ሁልጊዜ ስለ ማሳው ነው። «ይሄ ነገር በረዶ እንዳያመጣ ብቻ።» ባቄላው ገና አበባ ላይ ነው፣ ገብሱም አልጠነከረም። አንድ ጊዜ በረዶ ከመታው የዓመት ልፋት በአንድ ከሰዓት ያልቃል።

ዝናብ ያምራል ያለ ሰው እዚያ ሰምቼ አላውቅም። መጣ ይባላል፣ በዛ ይባላል፣ ቀረ ይባላል። ለእኔ ያማረልኝ ከተማ ገብቼ፣ ደመወዝተኛ ሆኜ፣ በእሱና በእኔ መሃል መስታወት ከገባ በኋላ ነው። ጣሪያዬ አያፈስም፤ ማሳም የለኝም። ሻዬን ይዤ «እንዴት ደስ ይላል» ለማለት ምን ይከለክለኛል? ግን ሙሉ በሙሉ አይወጣልኝም። ጠብታዎቹ ጠንከር ብለው ቆርቆሮውን ሲመቱት አሁንም ጆሮዬ ይቆማል፤ ውሃ ነው ወይስ በረዶ?

ቅድም ደወልኩላት።

«እዚያ ዘነበ?» አለች።

«ኧረ እማ፣ ቀኑን ሙሉ።»

«በረዶ አለበት?»

«የለበትም።»

«ተመስገን። ብርድ እንዳይመታሽ፣ ባናውን ደርቢ።» ከዚያ ኔትወርኩ ቆረጠን።

ባናው በግራ በኩል ወንበሩ ላይ ጠቆር ብሎ የሚታየው ነው። ክሩን እሷ ፈትላው የሠፈራችን ሸማኔ ነው የሠራው። ከባድ ነው፣ ይኮሰኩሳልም። እርጥበት ሲነካው በግ በግ ይሸታል፤ ዛሬ ክፍሉ በሙሉ በግ በግ ይሸታል። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ግን የሱቅ ብርድ ልብስ አይወዳደረውም። ፎቶ ላይ አያምርም ብዬ ላነሳው ነበር፤ ተውኩት።

ካሜራው ምንድን ነው ለምትሉ፣ ስልክ ነው። ባትሪዬ እያለቀ ነው፤ መብራት እስኪመጣ ኮሜንት ባልመልስ እንዳይከፋችሁ።

እናንተ ጋስ ዘነበ? በረዶ አለበት?

#ደብረብርሃን #ሰሜንሸዋ #ክረምት #ነሐሴ