የወሊድ እቅዴ፦ ከኦፕራሲዮን በኋላ በምጥ ለመውለድ

ለሚያዋልዱኝ ሐኪሞች፣ አዋላጅ ነርሶችና ተረኞች ሁሉ

ስሜ ሕይወት ነው። 31 ዓመቴ ነው፤ የምወልደው ሁለተኛ ልጄን ነው። ቀኔ ግንቦት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሆነ ተነግሮኛል። የደም ዓይነቴ ኦ ፖዘቲቭ ነው። የማይስማማኝ መድኃኒት የለም። ይህን ወረቀት ከክትትል ሐኪሜ ጋር አንድ በአንድ አይተነዋል። አንዱ ቅጂ ካርዴ ውስጥ ነው፣ ሌላው ባለቤቴ ዳንኤል ጋር አለ። ምጥ ሲይዘኝ ብዙ ማስረዳት ስለማልችል፣ በደህና ሰዓት ልጽፈው ብዬ ነው።

ያለፈው ወሊዴ

የመጀመሪያ ልጄን መጋቢት 2015 ዓ.ም. በኦፕራሲዮን ወለድኩ። ልጅቷ በመቀመጫዋ ነበር የመጣችው፤ ይህም የታወቀው ምጥ ከያዘኝ በኋላ ነው። ማህፀኔ የተከፈተው ከታች በኩል አግድም ነው። ሆድ ላይ ያለው ጠባሳ አግድም ስለሆነ ብቻ የማህፀኑም እንደዚያው ነው ማለት እንደማይቻል ሐኪሜ ስለነገረኝ፣ የቀዶ ጥገናውን ማስታወሻ ከወለድኩበት ቦታ አስወጥቼ እዚህ አያይዤዋለሁ። ቁስሉ አላመረቀዘም። ደም አልተሰጠኝም።

ያ ኦፕራሲዮን አስፈላጊ ነበር፤ በእሱ ቅሬታ የለኝም። የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ምን እየተደረገ እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ፈርሚ ተባልኩ፣ ፈረምኩ። ልጄንም ያየኋት ከስንት ሰዓት በኋላ ነው፤ ደህና ትሁን አትሁን ሳላውቅ ተኝቼ ጠበቅኩ። ዘንድሮ ከሁሉም በላይ የምፈልገው ይህ እንዳይደገም ነው። በምጥም ልውለድ በኦፕራሲዮን፣ ንገሩኝ፣ ጠይቁኝም።

የምፈልገው

በምጥ ለመውለድ መሞከር እፈልጋለሁ። ያለፈው ምክንያት አሁን የለም። ይህ ልጅ በጭንቅላቱ ነው ያለው፤ በመጨረሻው አልትራሳውንድ እንግዴ ልጁም ከጠባሳው ርቆ ከላይ በኩል ታይቷል። ከመጀመሪያው ወሊድ ወዲህም ከሦስት ዓመት በላይ አልፏል። ጠባሳው በምጥ ጊዜ ሊከፈት እንደሚችል አውቃለሁ። እንደ እኔ አንድ አግድም ጠባሳ ካላቸው እናቶች ከ200 በአንዷ ገደማ ሊደርስ እንደሚችል ተነግሮኛል። ትንሽ ቁጥር ቢሆንም ሲደርስ ደቂቃ የማይሰጥ ነገር ነው። ለዚህ ነው ከቤቴ አጠገብ ያለውን ጤና ጣቢያ ትቼ ኦፕራሲዮን ክፍልና ደም በማንኛውም ሰዓት የሚገኝበትን እናንተን የመረጥኩት።

ምጡ በራሱ እንዲመጣ እፈልጋለሁ። 41 ሳምንት እስኪሞላ ድረስ እኔም ልጁም ደህና ከሆንን ጠብቁኝ። ያኔም ካልመጣና የማህፀኔ በር እንደተዘጋ ከሆነ፣ በቀጠሮ ኦፕራሲዮን ለመሆን እስማማለሁ። በሩ መከፈት ጀምሮ ከሆነ ግን በሩን በሚያሰፋ ፊኛ ምጡን ስለማስጀመር ከሐኪሜ ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ።

ይህን ተረኛው ሁሉ ያንብብልኝ፦ ምጥ ለማስጀመር ሚሶፕሮስቶል አይሰጠኝ። በአፍም ቢሆን በማህፀን በኩል፣ በትንሽ መጠንም ቢሆን አይሆንም። ጠባሳ ላለበት ማህፀን አደገኛ ነው። ከወለድኩ በኋላ ደም ለማቆም ካስፈለገ ግን አልቃወምም። ምጡ ደከም ሲል የሚሰጠውን የኦክሲቶሲን ጉሉኮስም ከፍተኛ ሐኪም ራሱ አይቶኝ ካልወሰነ በቀር አታስጀምሩልኝ። ሐኪሙ ከወሰነ በዝግታ ይሁን፤ አጠገቤም ሰው ይኑር።

ምጥ ላይ

ስገባ ደሜ ተወስዶ ለእኔ የሚሆን ደም ይዘጋጅ። ለመርፌ የሚሆነው መስመር ቀድሞ እጄ ላይ ይግባ። ጉሉኮስ ካላስፈለገ ግን አይታሰርብኝ፣ መንቀሳቀስ እፈልጋለሁ። የልጁን የልብ ምት በማሽን ያለማቋረጥ ብትከታተሉልኝ ደስ ይለኛል፤ ቆሜ ወይም ተቀምጬ ቀበቶውን ማሰር ከተቻለ እሰየው። ማሽኑ ሌላ እናት ጋር ከሆነ ቢያንስ በየ15 ደቂቃው፣ ማማጥ ስጀምር ደግሞ በየ5 ደቂቃው አዳምጡልኝ።

አንድ ነገር እለምናለሁ። ምጡ ሲለቀኝ የማይለቅ ሕመም ጠባሳዬ ላይ ተሰማኝ ካልኩ፣ «ምጥ ነው፣ ቻይው» አትበሉኝ። ሐኪም ጥሩልኝ። ምጡ ድንገት ካቆመ፣ ደም ከፈሰሰኝ፣ የልጁ የልብ ምት ከተበላሸም እንደዚያው። ያኔ የእኔ እቅድ አያስጨንቃችሁ።

ማማጥ ስጀምር ሆዴ አይጫን። ልጁ ቶሎ እንዲወጣ ተብሎ በክርን ወይም በእጅ መግፋት ለእኔ ማህፀን አይሆንም። ለዚህ ምንም ዓይነት ፈቃድ አልሰጥም። በቫኪዩም መርዳት ካስፈለገ ይሁን። ከታች መቅደድ ካስፈለገም ነግራችሁኝ፣ አደንዝዛችሁኝ ይሁን። ማስታገሻ ሳልጠይቅ አትስጡኝ፤ ስጠይቅ ግን «ጽኚ» ብላችሁ አትከልክሉኝ።

አጠገቤ አንድ ሰው ይኑር። ቀን ዳንኤል፣ ዳንኤል ሲወጣ እናቴ። እናቴ «ማርያም፣ ማርያም» እያለች ትጸልያለች፤ ለእኔ ብርታት ነውና ተዉአት። ወገቤን ማሸትም ትችልበታለች። ስትመረምሩኝ መጋረጃው ይዘጋ፤ ተማሪዎች ከገቡ ቀድማችሁ ጠይቁኝ።

ኦፕራሲዮን ካስፈለገ

ካስፈለገ አልከራከርም። ጊዜ ካለ ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩኝና ልፈርም። ጊዜ ከሌለ ለዳንኤል ንገሩት፤ ፈቃዴን ከአሁኑ ሰጥቻለሁ። ከወገብ በታች ብቻ ደንዝዤ ነቅቼ መሆን እፈልጋለሁ። ሙሉ ማደንዘዣ የግድ ከሆነ ከመተኛቴ በፊት ንገሩኝ። ልጁ ሲወጣ ጾታውንና ማልቀሱን ንገሩኝ፣ ፊቱንም ወደ ፊቴ አስጠጉልኝ። እኔ መያዝ ካልቻልኩ ዳንኤል ደረቱ ላይ ይዞት ይጠብቅ። የማይቻልበት ምክንያት ካለ ያው ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ስለ ወሊድ መከላከያ ጠረጴዛው ላይ ሆኜ አትጠይቁኝ። በእርጋታ፣ ዳንኤልም ባለበት፣ ከመውጣቴ በፊት እንነጋገርበታለን። ማህፀን ቱቦ የማስቋጠር ሐሳብ የለኝም።

ልጁ ሲወለድ

ደህና ከሆነ ሳይታጠብ ደረቴ ላይ አድርጉልኝ። እትብቱ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠበቅና ይቆረጥ። ደም እንዳይፈሰኝ እንግዴ ልጁ ከመውጣቱ በፊት የሚሰጠውን መርፌ እፈልጋለሁ። ጡት በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ልስጠው፤ እንገሩ እንዳያመልጠው። ስኳር ውሃም ቅቤም የዱቄት ወተትም አይቀመስ። ይህን ለዘመዶቼም ነግሬአለሁ፤ ቢሞክሩ ግን እናንተ ከልክሉልኝ፣ ለእኔ ይከብደኛል። የቫይታሚን ኬ መርፌ፣ የዓይን ቅባት፣ የቢሲጂና የፖሊዮ ክትባት ይሰጠው። ወደ ሕፃናት ክፍል የሚወሰድ ከሆነ ዳንኤል አብሮ ይሂድ፣ እኔ ጋር ደግሞ እናቴ ትቆያለች።

እቅዱ ይለወጣል ብላችሁ ካመናችሁ ለእኔና ለዳንኤል አንድ ላይ ንገሩን። ተረኛ ስትቀያየሩ ይህን ወረቀት ከካርዴ ጋር ለሚቀጥለው ሰው በእጁ ስጡልኝ።

ሕይወት
ሚያዝያ 2018 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ